ጣውላው ሳይዘጋ ስታፋውን እንቁጠር

በባሕር ዳር በየሳምንቱ ኮለን ይሞላል። ከጣና ዳር ተነሥቶ እስከ አባይ ማዶና ዘንዘልማ ድረስ ሎጁ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የኪራይ ሱቁና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤቱ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ሙሌት በተደረገ ማግስት ከኮለኑ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ ይህ ጥሪ የሚመለከተው ፌሮው ቆሞ ጣውላው ሊዘጋ ሲል ያለችውን አጭር ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ባለቤቱ፣ ፌራዮው፣ ፎርማኑና ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ አንድ ላይ ቆመው ስታፋውን ይቁጠሩ፣ ርቀቱንም በሜትር ይለኩ።

ስታፋ በኮለኑ ውስጥ የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይ 8 የሚታጠፈው ቀለበት ነው። ቀጭን በመሆኑ ብዙ ባለቤቶች የቁም ፌሮውን አደራደር የሚይዝ የማሰሪያ ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ሸክሙን የሚሸከመው ወፍራሙ ፌሮ ነው ብለው ስለሚያስቡ፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ስታፋ ነው። ነገር ግን ኮለን ሲሰበር እንዴት እንደሚሰበር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ቁጠባ አይደግመውም።

ኮንክሪት ከላይ ሲጫኑት ቁመቱ ያጥራል፣ ወደ ጎን ደግሞ ያብጣል። ሸክሙ ሲበዛ ይህ እብጠት በኮለኑ ፊት ላይ የቁም ስንጥቅ ያወጣል፤ ቀጥሎ ፌሮውን የሸፈነው የውጭ ልባስ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ኮለኑን የሚያቆመው በስታፋዎቹ ውስጥ ያለው ልብ ኮንክሪት ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚያስር ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ማሰሪያው ሲርቅ በሁለቱ ማሰሪያ መካከል ደንገሉ ይቦረቀቃል፣ ሲቀራረብ ግን እንደ አንድ ግንድ ይጠነክራል። በኮለንም ስታፋ በርቀት ከታሰረ በሁለቱ መካከል ያለው ኮንክሪት የሚይዘው ስለሌለ ተፈርፍሮ ይወጣል።

የቁም ፌሮው ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይከተላል። ልባሱ ከረገፈ በኋላ አንድ ቀጭን ዘንግ በሁለት ስታፋዎች መካከል ብቻውን ተጨንቆ ይቆማል። በመዋቅር ስሌት የአንድ ዘንግ ሳይጎብጥ የመቆም አቅም የሚወሰነው በነፃ ርዝመቱ ካሬ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። በእውነተኛ ኮለን ላይ ፌሮው አስቀድሞ ጉልበቱን ጨርሶ ስለሚሰጥ ቁጥሩ እንደዚሁ አይወጣም፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ፋይ 14 የቁም ፌሮ ላይ ስታፋው በ10 ሳንቲሜትር ከታሰረ፣ ነፃው ርዝመት የፌሮው ውፍረት 7 እጥፍ ያህል ብቻ ስለሆነ ፌሮው ጉልበቱን በሙሉ ከሰጠ በኋላ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆያል። በ25 ሳንቲሜትር ከታሰረ ግን ወደ 18 እጥፍ ይደርሳል፤ ያኔ ፌሮው ጉልበቱን ጨርሶ በሰጠበት ቅጽበት ወደ ውጭ ይጎብጣል። የፈረሱ ሕንፃዎች ኮለን አጠገብ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጦ የሚታየው ፌሮ ይህ ነው።

ሦስተኛው ሥራው ኮለኑ ወደ ጎን ሲገፋ የሚታይ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም የመሠረቱ አንዱ ጎን ሲሰምጥ ኮለኑ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል፤ ወደ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሄዳል። በ30 በ30 ኮለን ላይ ይህ ስንጥቅ በቁመት የሚይዘው ወደ 25 ሳንቲሜትር ነው። ስታፋው በየ10 ሳንቲሜትር ካለ ስንጥቁ ሁለት ወይም ሦስት ስታፋ ማቋረጥ ግዴታው ነው፣ እነሱም የተሰነጠቀውን ግራና ቀኝ ጎትተው ይይዙታል። በየ25 ከሆነ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ አንዳንዴም አንዱን እንኳ ሳይነካ ሾልኮ ያልፋል። እንዲህ ያለ ስብራት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ሰው ሮጦ ለመውጣት የሚያስችለው ማስጠንቀቂያ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ስታፋ ስንጥቅ እንዳይፈጠር አያደርግም፤ ኮንክሪቱ መሰንጠቅና ማበጥ ሲጀምር ነው እሱ ሥራውን የሚጀምረው። የሚያደርገው ስንጥቁ እንዳይሰፋና ከስንጥቅ ወደ መፍረስ እንዳይሻገር መያዝ ነው። የተሰነጠቀ ኮለን ይጠገናል፤ በፈረሰ ሕንፃ ሥር የቀረ ሰው ግን አይመለስም።

አሁን አንድ ኮለን ይዘን እንሥራው። በጣና ዳር የሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ እንግዳ ማረፊያ እናስብ፤ ኮለኑ 30 በ30፣ የቁም ፌሮው ስምንት ፋይ 14፣ ከሶሌታው ፊት እስከ ላይኛው ቢም ሥር ያለው ቁመት 2.70 ሜትር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ የስታፋው ርቀት ከሦስት ነገሮች ከትንሹ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከቀጭኑ የቁም ፌሮ ውፍረት 12 እጥፍ፣ ከኮለኑ አጭር ጎን፣ ከ30 ሳንቲሜትር። 12 ጊዜ 14 ሚሊሜትር 16.8 ሳንቲሜትር ስለሚሆን በአሮጌው ኮድ እንኳ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ለዚህ ኮለን ልክ አይደለም። ብዙ ፌራዮ ግን ማንም ሳያዘው በልማድ በ20 ያስራል፤ ዝናብ ሲመጣና ሙሌቱ ሲጣደፍ 25 ይሆናል።

በ2007 ዓ.ም. ከአውሮፓው ኮድ ጋር ተጣጥሞ የወጣው አዲሱ ስታንዳርድ የኮለኑን ሁለት ጫፎች ለይቶ ያያል። ለምድር መንቀጥቀጥ በመካከለኛ ደረጃ ለሚነደፍ ሕንፃ፣ ለእኛ ኮለን ከታች 45 ሳንቲሜትር፣ ከላይም 45 ሳንቲሜትር አደገኛ ክልል ነው። በዚህ ክልል ርቀቱ ከቁም ፌሮው ውፍረት 8 እጥፍ፣ ማለትም ከ11.2 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ በሥራ ቦታ ቋንቋ 10 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ጎን የሚገፋ ኮለን ብዙ የሚታጠፈው ከቢሙና ከሶሌታው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም።

እንግዲህ እንቁጠር። የመጀመሪያው ስታፋ ከሶሌታው 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይጀምርና በየ10 እስከ 45 ሳንቲሜትር ድረስ አምስት ይሆናል፤ ከላይም እንዲሁ አምስት። መሐል የቀረውን 1.80 ሜትር በየ15 ካሰርነው 11 ይገባል። ድምሩ 21 ነው። በጥድፊያው በየ25 ሳንቲሜትር ቢታሰር ግን 12 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ዘጠኝ ረድፍ ነው። በአንድ ረድፍ የውጭው ካሬና መካከለኞቹን ፌሮዎች የሚይዘው ውስጠኛ ስታፋ ከነመታጠፊያቸው ወደ 2 ሜትር ፋይ 8 ይፈጃሉ። ዘጠኙ ረድፍ 18 ሜትር ገደማ ነው፤ ገበያ ላይ በ12 ሜትር ከሚሸጠው ፌሮ አንድ ተኩል፣ በክብደት ደግሞ 7 ኪሎ። ለአንድ ኮለን በአንድ ፎቅ የምንከራከርበት ነገር ይህች ናት። ባለቤቱ ለሴራሚኩ ሦስት ሱቅ ይዞራል፣ ለስታፋው ግን «እንደምታውቀው አድርገው» ይላል።

የሚገዛው ጥቅም ምን ያህል ነው? በአዲሱ ኮድ ቀመር፣ የስታፋው ርቀት 10 ሳንቲሜትር ሲሆን በስታፋዎቹ መካከል በደንብ ታቅፎ የሚቆየው የኮለኑ ልብ ከመቶ 63 ያህል ነው። 15 ሲሆን ወደ 48 ይወርዳል፣ 25 ሲሆን ደግሞ ወደ 23። ይህ ከርቀቱ ብቻ የሚመጣው ነው፤ የስታፋው ቁጥር ራሱ ማነሱ በላዩ ላይ ይጨመራል።

በተግባር የታየውን ማስረጃ የሚፈልግ ሰው በካሊፎርኒያ የኦሊቭ ቪው ሆስፒታልን ታሪክ ይመልከት። የካቲት 2 ቀን 1963 ዓ.ም. በሳን ፈርናንዶ የምድር መንቀጥቀጥ ሲመታው ሕንፃው ገና አዲስ ነበር። በምድር ቤቱ ብዙዎቹ ኮለኖች ክብ ሆነው በተቀራረበ ጥምዝ ፌሮ የተጠመጠሙ ነበሩ፤ በማዕዘኖቹ ያሉት ግን በተራራቀ ስታፋ የታሰሩ ነበሩ። የማዕዘኖቹ ኮለኖች ተፈረካክሰው አለቁ። የተጠመጠሙት ልባሳቸው ቢረግፍም፣ ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ዘመው ሕንፃውን ተሸክመው ቆሙ። ሕንፃው በኋላ እንዲፈርስ ተደርጓል፤ ዋናው ክፍሉ ግን በሰዎች ላይ አልተደረመሰም። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ቀን፣ አንድ መንቀጥቀጥ፤ ዋናው ልዩነት የማሰሪያው ቅርበት ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክ ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላም መሐንዲሶች በፍርስራሹ ውስጥ ደጋግመው ያዩት የተራራቀ ስታፋና ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ መቆለፊያ ነው።

«ባሕር ዳር መንቀጥቀጥ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ከተማችን ከስምጥ ሸለቆው ርቃ ስለምትገኝ አደጋዋ ከአዳማና ከሐዋሳ ያነሰ ነው፤ የንድፍ መሐንዲሱም ይህን ቆጥሮ በጫፎቹ ላይ ሰፋ ያለ ርቀት ሊጽፍ ይችላል። ማነስ ግን አለመኖር አይደለም። በዚሁ በአማራ ምድር፣ ግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባን በሌሊት ከአልጋ አስነሥቷል። እኔ ግን መንቀጥቀጡን ትተነው ብንሄድ እንኳ የጣና ዳር ራሱ በቂ ምክንያት አለው ባይ ነኝ።

አንደኛው አፈሩ ነው። በከተማዋ አንዳንድ ቦታ ክረምት ሲመጣ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር አለ፤ በሐይቁ ዳርም የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው። መሠረቱ እኩል ካልሰመጠ ኮለኑ ማንም ሳያስበው ወደ ጎን ይገፋል። ሁለተኛው የእይታው ፍላጎት ነው። ሐይቁን የሚያይ ሕንፃ ሁሉ ሰፊ መስኮት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በኮለኖቹ መካከል እስከ ግማሽ ድረስ ብሎኬት ይገነባና ከላይ መስታወት ይገባል። ኮለኑ በብሎኬቱ ተይዞ ነፃ የሚቀረው 1 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ወደ ጎን ላለመሄድ ያለው ግትርነት ከባለ 2.70 ሜትሩ ጓደኛው ወደ 20 እጥፍ ይጠጋል። ግትር የሆነ ደግሞ ግፊቱን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። እንዲህ ያለ አጭር ኮለን የሚሰበረው በዚያው ሰያፍ ስንጥቅ ነው፤ ስለዚህ በጫፉ ብቻ ሳይሆን ከታች እስከ ላይ ስታፋው ጥቅጥቅ ብሎ መታሰር አለበት። የንድፉ ባለሙያ ይህን የሚያውቀው ብሎኬቱ ግማሽ ድረስ እንደሚሠራ ከተነገረው ብቻ ነው። ሙሉ ኮለን ተነድፎ በኋላ ባለቤቱ «እዚህ ጋ መስኮት አድርጉልኝ» ካለ፣ ሳያውቅ የኮለኑን ጠባይ ለወጠ።

ሦስተኛው ዝገት ነው። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ጨው ፌሮ አይበላብንም። ቢሆንም እርጥበቱ አለ፣ ስታፋ ደግሞ ከፌሮዎቹ ሁሉ ለውጭ የሚቀርበው ነው፤ ልባሱ ስስ ከሆነ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው። ፋይ 8 ስታፋ ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ቢበላ ፋይ 6 ሆኖ ይቀራል፤ አቅሙ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ቀነሰ ማለት ነው። ኮለን ላይ አግድም ሆኖ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ቡናማ መስመር ካያችሁ፣ ስታፋው ዝጎ ልባሱን እየገፋ ነው። የሚገርመው በዚያ መስመር ርቀት ስታፋው በየስንት እንደታሰረ ከውጭ ቆሞ መለካት ይቻላል። ያንን በልስን መሸፈን ጥገና አይባልም። ሰያፍ ስንጥቅ ወይም ጫፉ ላይ የረገፈ ማዕዘን ከታየም ኮለኑ በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት መልበስ ይኖርበት እንደሆን የመዋቅር መሐንዲስ አይቶ ይወስን።

ወደ ሥራው ቦታ እንመለስ፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሥራው የሚበላሽበት መንገድ አለና። ትልቁ ጉድለት ኮለኑና ቢሙ በሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ የቢሙ ፌሮ ከአራቱም አቅጣጫ ስለሚገባ ስታፋ ማስገባት እጅ ያስራል፤ ብዙ ጊዜ ፌራዮው ከቢሙ ሥር አቁሞ ከሶሌታው በላይ ይቀጥላል። በመሐል ያለው የ40 ወይም የ50 ሳንቲሜትር ከፍታ ባዶ ይቀራል፣ ኃይሉ ሁሉ የሚሻገረው ግን በዚያ ነው። መፍትሔው የቢሙ ፌሮ ከመግባቱ በፊት ስታፋዎቹን አስቀድሞ በቁም ፌሮው ላይ ማውረድና ቢሙ ሲገባ ወደ ቦታቸው ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ሌላው መንሸራተት ነው፤ ስታፋው በሁሉም ማዕዘን በሽቦ ጠብቆ ካልታሰረ፣ ኮንክሪት ሲወርድና ቫይብሬተር ሲገባ ወደ ታች ይከማቻል። ጠዋት የተቆጠረው ማታ በቦታው የለም።

መቆለፊያውንም እዩት። የስታፋው ሁለት ጫፎች ወደ ኮለኑ ልብ በ135 ዲግሪ ታጥፈው እያንዳንዳቸው 8 ሳንቲሜትር ያህል መግባት አለባቸው። በ90 ዲግሪ ከታጠፈ መቆለፊያው ልባሱ ውስጥ ይተኛል፤ ልባሱ ሲረግፍ እሱም ተከፍቶ ይበተናል። መቆለፊያዎቹም በአንድ ማዕዘን ላይ እንዳይደረደሩ ከአንዱ ስታፋ ወደ ሌላው ማዕዘን ይቀያየሩ።

እንግዲህ ጥሪው ለእያንዳንዱ የሚለው አለ። ፌራዮ ወንድሜ፣ ዕቅዱ ላይ ያልተጻፈ ርቀት በልማድ አትሰር፤ ካልገባህ ጠይቅ፣ መጠየቅ ሙያህን አይቀንሰውም። የምትከፈለው በኪሎ ወይም በቁርጥ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ስትዋዋል የጫፎቹንና የመገናኛውን ስታፋ አስቆጥረው። ፎርማኖች፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሳያይ ጣውላ አታስዘጉ። መሐንዲሶች፣ በዕቅዱ ላይ «ፋይ 8 በየ15» ብላችሁ አትለፉት፤ የጫፉን ርቀት፣ የመገናኛውን ስታፋ ብዛትና የመቆለፊያውን አጣጠፍ በሥዕል አሳዩ፤ ፌራዮው የሚያነበው ሥዕሉን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር አድርጓል፤ የባሕር ዳር የሕንፃ ሹም ቢሮም ክትትሉን ከወረቀት ማየት አልፎ በሙሌት ዋዜማ ወደ ሥራ ቦታ ያውርደው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና መምህራንና ተማሪዎችም በከተማው በሚቆሙት ኮለኖች ላይ ሜትር ይዘው ቢወጡ ለእነሱም ትምህርት፣ ለእኛም ጥቅም ነው። የዩኒቨርሲቲው አንዱ መነሻ የሆነው የቀድሞው ተማሪ ቤታችን ፖሊቴክኒክ ለሙያ እንጂ ለወረቀት አልተከፈተም።

ባለቤቶችም ሰበብ የለንም። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከሶሌታው ላይ 45 ሳንቲሜትር ለኩ፤ ዕቅዱ በየ10 ካለ በዚያ ውስጥ አምስት ስታፋ መኖር አለበት። ከላይም፣ ከቢሙ ሥር፣ እንዲሁ። በቢሙ ከፍታ ውስጥ ስታፋ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከኮለኑ አጠገብ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡና ከፈቃዱ ወረቀት ጋር አስቀምጡት፤ ነገ ፎቅ መጨመር ቢታሰብ ወይም ቤቱ ቢሸጥ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ነገ ሙሌት ያለባችሁ ዛሬ ማታ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ስታፋው ከዕቅዱ ካነሰ ሙሌቱን አቁሙና የጎደለው እስኪታሰር ጠብቁ፤ ኮንክሪቱ ከገባ በኋላ በውስጡ ስታፋ የሚጨመርበት መንገድ የለም።